ቀይ እስክሪብቶ ያላየው ደረጃ፦ ስለ ቋንቋ ተማሪ ስህተት ተረትና እውነታ

እንግሊዝኛ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን በአንድ ምሽት ያረምኳቸው ሁለት ደብተሮች እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጡም። ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ብዬ ነበር። አንዷ ተማሪ «አይ ዶንት ላይክ ኮፊ» ብላ ጻፈች፤ ቡና አልወድም ማለቷ ነው። እንከን የለውም፤ የራይት ምልክት አደረግሁለት። አንዱ ተማሪ ደግሞ «ማይ ሲስተር ዲድንት ዌንት ቱ ስኩል» አለ፤ እህቴ ትምህርት ቤት አልሄደችም ሊል ነው። ያለፈውን ጊዜ «ዲድንት» አንዴ ከተናገረው በኋላ «ዌንት» ሊደግመው አይገባም፤ «ጎ» መሆን ነበረበት። በቀይ ሰረዝኩና ነጥብ ቀነስኩ።

ያን ምሽት «ከሁለቱ ማን ይቀድማል?» ብትሉኝ ሳላመነታ ልጅቷ እላችሁ ነበር። ነገር ግን በዚያው ገጽ ዝቅ ብላ «ማይ ፋዘር ዶንት ካን ድራይቭ» ብላ ነበር፤ አባቴ መኪና መንዳት አይችልም ለማለት። እሱንም ሰርዤ አለፍኩ። የልጅቷ ትክክል ዐረፍተ ነገርና የተሰረዘው ዐረፍተ ነገሯ ከአንድ ምንጭ እንደወጡ፣ የልጁ ስህተት ደግሞ ከእሷ ሁለት እርከን የራቀ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ ስህተት ብዙ ተጠንቷል። ያም ሆኖ በክፍልም በቤትም የምንሰማው የድሮውን እምነት ነው። ከእነዚህ እምነቶች አምስቱን አንድ በአንድ ላንሳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ የተማሪ ስህተት ያለ ሥርዓት በዘፈቀደ የሚመጣ ነው

እውነታው፦ መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ማናችንም በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ስንናገር እንሳሳታለን። ሲደክመን ወይም ስንቸኩል የአንዱን ልጅ ስም ለሌላው እንሰጣለን፤ ግሱን ከባለቤቱ ጋር ማስማማት እንረሳለን። ግን ጆሯችን ወዲያው ይሰማዋል፤ እናርመዋለን። ይህ የአንደበት መሰናከል ነው እንጂ ዕውቀት አልጎደለም።

«ዶንት ካን» ሌላ ነገር ነው። ተማሪዋን መልሳችሁ እንድታነበው ብታደርጓት ጉድለቱ አይታያትም። ነገም በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መልክ ትደግመዋለች። በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር እንዲህ አይደጋገምም። እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ፒት ኮርደር በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ልዩነት አስመረ። እንደ እሱ አባባል ድንገተኛው መሰናከል ስለ ተማሪው ቋንቋ የሚነግረን ነገር የለም። ተደጋጋሚው ስህተት ግን ተማሪው በዚያ ሰዓት የሚመራበትን ሕግ ያሳየናል።

አሜሪካዊው ላሪ ሴሊንከር በ1972 ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፤ ኢንተርላንጉዌጅ። በአማርኛ «የመሀል ቋንቋ» ልንለው እንችላለን። ተማሪው የሚናገረው የተሰባበረ እንግሊዝኛ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ቃላት የተነገረ አማርኛም አይደለም። ከሁለቱም የወሰደውን ይዞ፣ ከሁለቱም ያልወሰደውን የራሱን ሕግ ጨምሮ የሠራው ሦስተኛ ሥርዓት ነው። ሕጉን ማንም አላስተማረውም። ከሰማውና ካነበበው ራሱ ገምቶ ያወጣው ነው፤ አዲስ ነገር ሲሰማም እየከለሰው ይሄዳል።

ተረት 2፦ ስህተቱ ሁሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጣጣ ነው

እውነታው፦ ይህ እምነት እውነት የሌለው አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ሲል ከየት እንዳመጣው ማንም ያውቃል፤ እኛ ቴሌቪዥን እንከፍታለን። በ1950ዎቹ የነበሩ ምሁራንም ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር የተማሪውን ስህተት አስቀድሞ ለመተንበይ ይበቃል ብለው ያምኑ ነበር። እምነቱ የተናጋው ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለወራት እየተከታተሉ ንግግራቸውን መቅዳት ሲጀምሩ ነው።

ከነዚህ ጥናቶች በጣም የሚያስተምረው የአሉታ ነገር ነው፤ ማለትም ሰው በእንግሊዝኛ «አይደለም»፣ «አልፈልግም»፣ «አልሄደም» ማለትን እንዴት እንደሚማር። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ስድስት ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ለአሥር ወር ያህል ተከታተሉ። ሁለቱ ሕፃናት፣ ሁለቱ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች፣ ሁለቱ አዋቂዎች ነበሩ። ፍጥነታቸው በጣም ይለያይ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ያልደረሰም አለ። መንገዱ ግን አንድ ሆነ፤ አራት እርከን አለው።

በመጀመሪያው እርከን ተማሪው «ኖ» የምትለውን ቃል ከግሱ ፊት ይደቅናል። «ሂ ኖ ላይክ ኢት» ይላል፤ አይወደውም ለማለት። ሌላ ምንም አይነካም።

በሁለተኛው እርከን «ዶንት» ትመጣለች፤ አመጣጧ ግን ያሳስታል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው «ዶንት» ሁለት ነገር ናት፤ «ዱ» የተባለው ረዳት ግስና «ኖት» የተባለው አሉታ። ለተማሪው ግን አንድ ቃል ናት፤ የ«ኖ» ምትክ ብቻ። ስለዚህ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ጊዜ፣ በሁሉም ግስ ፊት ያኖራታል። «አይ ዶንት ላይክ» ይላል፤ «ሂ ዶንት ላይክ»ም ይላል፤ «አይ ዶንት ካን»ም ይላል።

በሦስተኛው እርከን አሉታው ከረዳት ግሶች በኋላ መግባት ይጀምራል። «ሂ ካንት»፣ «ሺ ኢዝንት»፣ «ኢት ወዝንት» ይላል። ተማሪው ከዋናው ግስ ሌላ የሚላላክ ግስ እንዳለና አሉታ የሚጠጋው ከእሱ ጋር እንደሆነ ደርሶበታል።

በአራተኛው እርከን «ዶንት» ራሷ ትፈታለች። ተማሪው በውስጧ «ዱ» እንዳለ፣ እሱም ባለቤቱንና ጊዜውን እየተከተለ «ዳዝንት» እና «ዲድንት» እንደሚሆን ይረዳል። ጊዜው ወደ ረዳቱ ሲሻገር ዋናው ግስ ባዶውን መቅረት እንዳለበት ግን ወዲያው አይገባውም። ስለዚህ ለተወሰነ ወቅት ጊዜውን በሁለቱም ላይ ይጭናል፤ «ዲድንት ዌንት» ይላል። ያ የደብተሬ ልጅ የቆመው እዚህ ነበር።

ጥርጣሬው ወዲያው ይመጣል። ስፓኒሽ ራሱ አሉታውን ከግሱ ፊት ያደርግ የለ? እንግዲያው የመጀመሪያው እርከን ስፓኒሽ እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የመጣው ደግሞ ከስዊድን ነው። በስዊድንኛ ዋና ዐረፍተ ነገር አሉታው ከግሱ በኋላ ነው የሚገባው። ኬኔት ሂልተንስታም በ1977 ባሳተመው ጥናት 35 የተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ያሏቸውን 160 አዋቂ ተማሪዎች ፈተነ። ተማሪዎቹ ከተለያየ ቋንቋ ቢመጡም አንድ ቅደም ተከተል ነው የታየባቸው። መነሻቸው አሉታውን ከግሱ ፊት ማኖር ነበር። ከዚያ ከረዳት ግስ በኋላ ማስገባትን ቻሉ፤ ከዋናው ግስ በኋላ ማስገባትን የቻሉት በስተመጨረሻ ነው። እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚማሩ ሕፃናት እንኳ መጀመሪያ ላይ «ኖ»ን ከፊት ደቅነው ነው የሚናገሩት።

የእኛን አማርኛ አስቡት። አሉታችን ግሱን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል፤ «አልሄድም»፣ «አይሄድም»። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ብቻ ቢወስን ኖሮ የእኛ ተማሪ ከግሱ በኋላም አንዳች ነገር መፈለግ ነበረበት። እኔ በክፍሌ የሰማሁት ግን ያንኑ «ሂ ዶንት ላይክ» ነው።

ታዲያ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሚና የለውም ማለት ነው? አለው። መንገዱን አይቀይስም፤ በመንገዱ ላይ የት ብዙ እንደምንቆይ ግን ይነካል። ስፓኒሽ ተናጋሪው በ«ኖ» እርከን ብዙ ይቆያል፤ የራሱ ቋንቋ «ልክ ነህ» ይለዋልና። የጀርመን ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሲማሩ ዘግይተው አሉታውን ከዋናው ግስ በኋላ ያስገባሉ፤ ጀርመንኛ እንዲያ ያደርጋልና። ይህን የሚያደርጉት ግን ሲጀምሩ አይደለም። እንግሊዝኛ ከረዳት ግስ በኋላ አሉታ እንደሚያስገባ ካዩ በኋላ፣ «የእኛን ይመስላል» ብለው ሲገምቱ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚገባው በር ሲከፈትለት ነው።

ተረት 3፦ ትክክል የጻፈ ገብቶታል፤ አዲስ ስህተት ያመጣ ወደ ኋላ ተመልሷል

እውነታው፦ ወደ ሁለቱ ደብተሮች እንመለስ። «አይ ዶንት ላይክ ኮፊ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሁለተኛው እርከንም ከአራተኛውም ሊወጣ ይችላል። ብቻውን ብታዩት የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ላዩ አንድ ነው። የሚለየው ባለቤቱን ስትቀይሩት ወይም ረዳት ግስ ስትጨምሩበት ነው። ልጅቷ ስለ አባቷ ስትጽፍ «ዶንት ካን» አለች፤ ያኔ «ዶንት» በእሷ ዘንድ ያልተፈታች አንድ ቃል እንደሆነች ታወቀ። «አይ» ባለቤት ሲሆን የሷ ሕግና የእንግሊዝኛ ሕግ በአጋጣሚ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ እንጂ አንድ አልነበሩም። ራይት ያደረግሁት ለአጋጣሚው ነበር።

ልጁ ግን «ዲድንት» ሲል «ዱ» እንደሚለዋወጥ፣ ጊዜንም እንደሚሸከም አውቋል። «ዶንት» ላይ የቆመ ሰው «ዲድንት ዌንት» ሊል አይችልም፤ ወደዚያ ስህተት ለመድረስ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜው ወደ ረዳቱ ከሄደ ከዋናው ግስ ላይ መነሳት አለበት።

ስህተት ዕድገትን ሊያሳይ እንደሚችል ከሕፃናት በላይ የሚያስረዳ የለም። በእንግሊዝኛ አፉን የሚፈታ ልጅ መጀመሪያ «ዌንት» ይላል፤ ከትልልቆች የሰማውን ነው የሚደግመው። ከወራት በኋላ ግን «ጎ» ላይ ያለፈ ጊዜ ምልክት ቀጥሎ፣ በአማርኛ «ሄዶአለ» እንደማለት ያለ፣ ማንም የማይለውን ቃል ይፈጥራል። ወላጅ ይደነግጣል፤ የሚያውቀውን ረሳ ይላል። የሆነው ግን ሕግ ማግኘቱ ነው። ያለፈ ጊዜ በመጨረሻ ድምፅ እንደሚሠራ ደርሶበት፣ ሕጉን ለማይገዛለት ግስ ሁሉ አደረገው። በኋላ «ዌንት» ብሎ ይመለሳል፤ ያኔ ግን ከሕጉ ውጪ እንደሆነ አውቆ ነው።

ጂን ቤርኮ በ1958 ይህን በጥበብ አሳይታለች። በዓለም የሌለች ወፍ መሳይ ፍጡር ሥላ «ይህች ወግ ናት» ብላ ለሕፃናት አሳየች። ቀጥላም ሁለት ሥዕል አድርጋ «አሁን ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ምን?» አለች። ልጆቹ «ወግዝ» አሉ። ቃሉን ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ሊሸመድዱት አይችሉም። ያላቸው ሕግ ነው። የመሀል ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው የሚሠራው ከትዝታ ብቻ ሳይሆን ከሕግ ነው። ሕጉ ገና ያልተጠናቀቀ ይሁን እንጂ ሕግ ነው።

ተረት 4፦ አጥብቆ ያረመ መምህር ተማሪውን እርከን ያዘልለዋል

እውነታው፦ ማንፍሬድ ፒነማን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሙኒክ የሚኖሩ፣ ጀርመንኛ የሚማሩ አሥር ጣሊያናውያን ልጆችን ይዞ ይህን ፈተነ። የጀርመንኛ የቃላት ቅደም ተከተልም እርከን አለው። ከእርከኖቹ ሁለቱን እንይ። በአንደኛው ተማሪው ግሱን ለሁለት መክፈልን ይማራል፤ ረዳቱ መሀል ላይ ይቀርና ዋናው ግስ እንደ አማርኛችን ወደ መጨረሻ ይሄዳል። በቀጣዩ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ በ«ዛሬ» ወይም በ«ከዚያ» ሲጀምር ግስና ባለቤት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ «ዛሬ ይመጣል ልጁ» እንደማለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በኋላ ነው የሚመጣው።

ፒነማን ሁለተኛውን ሕግ ለሁሉም አስተማራቸው። የመጀመሪያውን እርከን ያለፉት ልጆች ተቀበሉት፤ በዕለት ንግግራቸውም መጠቀም ጀመሩ። ገና ያልደረሱት ግን ያንኑ ትምህርት ተምረው፣ በልምምዱ ጊዜም እየደገሙት፣ በራሳቸው ንግግር ውስጥ አልታየባቸውም። መምህሩም ትምህርቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ልጁ የቆመበት ቦታ ነበር። ምክንያቱ ውስጡን ስታዩት ግልጽ ነው። ግሱን ነጥሎ ማንቀሳቀስ ገና ያልቻለ አእምሮ ግሱን ከባለቤቱ አሳልፎ እንዲያስቀምጥ ታዝዟል፤ የሚይዝበት እጀታ የለውም።

ከአሉታው ጥናት ስድስት ሰዎች አንዱም ሌላውን ገጽ ያሳያል። በጥናቱ «አልቤርቶ» የሚባለው የ33 ዓመቱ የኮስታ ሪካ ሰው ከሁሉም ዝቅ ብሎ «ኖ» እና «ዶንት» ላይ ቆመ። ተመራማሪው ጆን ሹማን አሉታን ለይቶ ለወራት አስተማረው። ዐረፍተ ነገር ተሰጥቶት «ወደ አሉታ ለውጥ» ሲባል ውጤቱ በጣም ተሻሻለ። ዘና ብሎ ሲያወራ ግን ከትምህርቱ በፊትም በኋላም ትክክለኛው አሉታ ከአምስት አንድ ጊዜ ገደማ ነበር። ፈተና ወረቀት ላይ ያለው ዕውቀትና አፍ ላይ ያለው ሥርዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። ተማሪው ፈተናውን ደፍኖ በማግስቱ በር ላይ «ሂ ዶንት ካም» ብሎ ሲያናግረን «ትናንት አስተምሬህ!» የምንለው ይህን ስላላወቅን ነው።

ይህ ማለት ማስተማር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የፒነማን ልጆች ጊዜያቸው ሲደርስ በትምህርቱ ተጠቅመዋል። በጥቅሉም የሚማር ሰው ከማይማረው ይልቅ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ርቆም ይደርሳል። ትምህርት ፍጥነቱን ይለውጣል እንጂ ቅደም ተከተሉን አይለውጥም። እርማት የሚይዘውም ተማሪው ለመሻገር በተዘጋጀበት ቀጣይ እርከን ላይ ሲያርፍ ነው።

ተረት 5፦ ብዙ ዓመት የኖረበት ሰው ይጠራለታል፤ ያልጠራለት ሰነፍ ነው

እውነታው፦ የመሀል ቋንቋ ሁልጊዜ ወደፊት አይሄድም። አንዳንዱ ክፍሉ በአንድ እርከን ላይ ይረጋና፣ ትምህርትም ዕድሜም ሳያንቀሳቅሰው ይኖራል። ሴሊንከር ይህን ፎሲላይዜሽን አለው፤ ድንጋይ ሆኖ ከሚገኝ ቅሪተ አካል የተወሰደ ስም ነው። እኔ «መርጋት» እለዋለሁ።

ስለ መርጋት ከተጻፉት ሁሉ የሚደንቀኝ ዶና ላርዲዬር ያጠናቻት፣ «ፓቲ» የሚል የጥናት ስም የተሰጣት ሴት ታሪክ ነው። በቻይንኛ ያደገችው ፓቲ አሜሪካ ገብታ ተማረች፤ ዲግሪ ያዘች፤ በእንግሊዝኛ ሠርታ በእንግሊዝኛ ኖረች። ላርዲዬር ንግግሯን ቀድታ፣ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይታ እንደገና ቀዳችው። ያለፈ ጊዜ ማሳየት በሚገባት ቦታ ያሳየችው በመጀመሪያው ቅጂ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ነበር። በሁለተኛውም ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም «አልገባትም» ትሉ ይሆናል። ግን ይህችው ሴት «ሂ» እና «ሂም»ን፣ «ሺ» እና «ኸር»ን በየቦታቸው ስታስገባ አንድም ስህተት አልተገኘባትም። ያለፈውን ጊዜ ደግሞ በምትጽፋቸው መልእክቶች ከንግግሯ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ታሳይ ነበር። ሕጉን ታውቀዋለች። አንደኛው ምክንያት ድምፅ ነው። ብዙ የእንግሊዝኛ ግሶች ያለፈ ጊዜያቸውን በቃሉ መጨረሻ በምትጨመር ቀጭን «ት» ወይም «ድ» ያሳያሉ፤ ለቻይንኛ አፍ ደግሞ ተነባቢ ላይ ተነባቢ ደርቦ መዝጋት ይከብዳል። መርጋት ሰውየውን በሙሉ አይዘውም። እየመረጠ ነው የሚይዘው፤ አንዱን ጥግ አርግቶ ሌላውን እስከ ጫፍ ያደርሳል። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት ስድብ ነው።

ሌላው ምክንያት ከተማሪው ውጪ ነው፤ የሚሰማው ነገር። በባሕረ ሰላጤው አገራት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን የሚያውቁት ዐረብኛ አለ። «ማ ፊ» የምትል አንዲት አሉታ ለሁሉም ታገለግላለች፤ «አና ማ ፊ ማዕሉም»፣ አላውቅም። በዐረብኛ «ማ ፊ» የሚባለው «የለም» ለማለት ነው፤ በዚህ ንግግር ግን በማንኛውም ነገር ፊት የምትደቀን አሉታ ሆናለች። የሥነ ልሳን ሰዎች የባሕረ ሰላጤው ፒጂን ይሉታል፤ በአሠሪዎችና ከተለያየ አገር በመጡ ሠራተኞች መካከል የተፈጠረ መግባቢያ ነው። ከእንግሊዝኛው «ኖ» እርከን ጋር ያለውን ዝምድና ልብ በሉ። በጣም አስፈላጊው ነገር ግን አሠሪውም ሠራተኛዋን የሚያናግረው በዚሁ መሆኑ ነው። ቀን ከሌት የምትሰማው ይህን ከሆነ ሕጓን የምትከልስበት ማስረጃ ከየት ታመጣለች? አሥር ዓመት ኖራ ዐረብኛ አልጠራላትም የሚል ሰው፣ አሥሩን ዓመት ማን ሙሉ ዐረብኛ አናገራት ብሎ ይጠይቅ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሴሊንከር የአፍ መፍቻው የሆነለትን ሰው ያህል የሚደርስ አዋቂ ተማሪ ምናልባት 5 በመቶ ነው ብሎ ጽፏል። ይህ ቁጥር እንደ ተለካ ነገር ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ ግምት ነበር እንጂ አልተለካም። ማይክል ሎንግ የተባለው ምሁርም በ2003 እንዳሳሰበው፣ የቆመ ስህተት ማየት ይቻላል፤ ለዘላለም ቆመ ማለት ግን ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። ከላይ የረጋ ነገር ሁሉ ድንጋይ አይደለም። የረጋ ቅቤም ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጣል። ዓመታትን ያስቆጠረ ጥናት ካልተደረገ በቀር «ይህ ሰው ከእንግዲህ አይሻሻልም» ለማለት የሚደፍር መሠረት የለውም።

ደብተሩን እንዴት እናንብበው?

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። አንድ ስህተት ሳይ መጀመሪያ ለተማሪው መልሼ አስነብበዋለሁ። ራሱ ካገኘው የአንደበት ወይም የእጅ መሰናከል ነው፤ አልፈዋለሁ። ካላየው ሕግ ነው፤ ያኔ ሕጉን እፈልጋለሁ። ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይገኝም። አሉታ ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ፣ የተሰረዙትንም ራይት ያገኙትንም፣ በአንድ ገጽ ላይ ቀን ጽፌባቸው እሰበስባለሁ። ባለቤቱ «ሂ» ሲሆን ምን ይሆናል? ጊዜው ሲያልፍስ? «ካን» ሲጨመርስ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች «ዶንት» መፈታቷን ወይም አለመፈታቷን ይነግሩኛል።

ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ አደርጋለሁ። ስህተቱ መልኩን ከቀየረ፣ «ዶንት ጎ» የነበረው «ዲድንት ዌንት» ከሆነ፣ ተማሪው እየሄደ ነው፤ የቀይ ምልክቱ ብዛት ባይቀንስም። ስህተቱ በዚያው መልክ ከተቀመጠ፣ ሕጉን የሚያፈርስ ነገር አልሰማ ይሆናል። ያኔ «ዳዝንት» እና «ዲድንት» የሚመላለሱበት ታሪክ እሰጠዋለሁ፤ ያነብበዋል፤ ይተርክልኛል። ሕጉን መልሼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጽፍለትም፤ እሱን ከእኔ በላይ ሸምድዶት ይሆናል።

ያ ምሽት ተመልሶ ቢመጣ የልጁን «ዌንት» በቀይ አልሰርዘውም። ከ«ዲድንት» ሥር አንዲት መስመር አስምሬ «ጊዜውን እዚህ ነግረኸናል» ብዬ እጽፍለታለሁ፤ አንዲት እርምጃ ብቻ ቀርታው ነበርና። የልጅቷን «አይ ዶንት ላይክ ኮፊ» ደግሞ ራይት አድርጌ አላልፈውም። ከጎኑ «እናትሽስ?» ብዬ እጠይቃታለሁ።